የአክሱምን ድንጋይ፣ ሳንቲምና የቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ በሃይማኖት ታሪክ ክርክር በማስረጃነት የማቅረብ አሠራር

ሀዋሳ ውስጥ በሰንበት ትምህርት ቤት ጉባኤም ሆነ በወንጌል አማኞች የወጣቶች ኅብረት፣ በትምህርት ቤት የታሪክ ክፍለ ጊዜም ሆነ ከዚያ ውጭ፣ ክርስትና ወደ ኢትዮጵያ የገባው መቼ ነው የሚለው ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ተመሳሳይ መንገድ ይይዛል። አንዱ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ጃንደረባ ይጠቅሳል፣ ሌላው አብርሃና አጽብሐን ያነሣል፣ ሦስተኛው «በ330» ብሎ ቁርጥ ያለ ዓመት ይናገራል፤ በመጨረሻም አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ የንጉሥ ዔዛናን የድንጋይ ጽሑፍ ፎቶ ያሳይና «ይኸው፣ በድንጋይ ተጽፏል» ይላል። ፎቶው የሚያሳየው በሦስት ዓይነት አጻጻፍ የተቀረጸውን ታዋቂውን ድንጋይ ከሆነ ግን፣ ያ ድንጋይ ንጉሡ ድሉን ለመሕረም ለተባለው አምላክ የሰጠበት ጽሑፍ እንጂ የክርስትናው ምስክር አይደለም። ማስረጃው እውነተኛ ነው፤ የቀረበበት ነጥብ ግን የእርሱ አይደለም።

ይህ መመሪያ ቁሳዊ ማስረጃን ለእንዲህ ያለ ክርክር ማቅረብ ለሚፈልጉ ተማሪዎችና አስተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። አሠራሩን የማሳየው በአንድ ጉዳይ ብቻ፣ በዔዛና ዘመን በአክሱም ቤተ መንግሥት በሆነው የሃይማኖት ለውጥ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ላይ የድንጋይ ጽሑፍም፣ ሳንቲምም፣ የሕንፃ ፍርስራሽም፣ ከውጭ የመጣ ደብዳቤም ስላለን፣ እያንዳንዱ ምን መናገር እንደሚችልና የት ላይ ዝም እንደሚል ጎን ለጎን ማየት ይቻላል።

መጀመሪያ፦ የምትከራከሩለትን ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር አጥብቡ

ማስረጃ ከመፈለጋችሁ በፊት ልታረጋግጡ የምትፈልጉትን ነገር በወረቀት ላይ ጻፉ፤ ከዚያም ዓረፍተ ነገሩ ማንን፣ የትንና መቼን የሚመለከት እንደሆነ ጠይቁት። «ኢትዮጵያ በአራተኛው ክፍለ ዘመን ክርስቲያን ሆነች» የሚለው ዓረፍተ ነገር አንድ ይምሰል እንጂ በውስጡ ቢያንስ አራት የተለያዩ አባባሎችን ይዟል። በአክሱም መንግሥት ግዛት ውስጥ ክርስቲያኖች ይኖሩ ነበር ማለት አንድ ነገር ነው፤ ንጉሡ ራሱ ክርስቲያን ሆነ ማለት ሌላ ነው፤ የመንግሥቱ ይፋዊ ቋንቋና ምልክት ክርስቲያናዊ ሆነ ማለት ሦስተኛ ነው፤ ገበሬውና እረኛው አመነ ማለት ደግሞ ከሁሉም የራቀ አራተኛ ነገር ነው።

የንጉሥ የድንጋይ ጽሑፍ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሊደግፍ ይችላል፤ አራተኛውን ግን በምንም መልኩ ሊደግፍ አይችልም፤ ምክንያቱም ጽሑፉን ያስቀረጸው ንጉሡ ነው፣ የተናገረውም ስለ ራሱ፣ ስለ ዘመቻውና ስለ ድሉ ነው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የምንይዘው ዓረፍተ ነገር የሚከተለው ይሁን፦ «በአራተኛው ክፍለ ዘመን፣ በዔዛና ዘመነ መንግሥት፣ የአክሱም ቤተ መንግሥት ይፋዊ የሃይማኖት አነጋገር ከቀደሙት አማልክት ወደ ክርስትና ተለወጠ።» አባባሉ ጠባብ ነው፤ በማስረጃ ልንቆምበት የምንችለውም ስለ ጠበበ ነው።

ሁለተኛ፦ የትኛው ድንጋይ እንደሆነ በመለያ ቁጥሩ እወቁ

«የዔዛና ድንጋይ» የሚባል አንድ ነገር የለም። በዔዛና ስም የተቀረጹ ብዙ ጽሑፎች ያሉ ሲሆን፣ አንዳንዶቹ ከለውጡ በፊት ሌሎቹ ከለውጡ በኋላ የተጻፉ ናቸው። አብዛኞቹን አጥንቶ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1906 ወደ አክሱም የመጣውና በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን ቡድን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ የቅድመ አክሱምና የአክሱም ዘመን ጽሑፎችን አንድ ላይ የያዘ ትልቅ ስብስብ በፈረንሳይኛ ታትሟል። ተመራማሪዎች ዛሬ በአብዛኛው የሚጠቅሱት በዚህ ስብስብ ቁጥር ስለሆነ፣ እናንተም በማስታወሻችሁ ላይ ከፎቶው ጎን ቁጥሩን መጻፍ አለባችሁ። ቁጥር የሌለው ፎቶ ምን ያህል ጥርት ያለ ቢሆንም በክርክር ውስጥ አታቅርቡት፤ ተቃዋሚያችሁ ሊያጣራው አይችልምና።

ለጉዳያችን የሚያስፈልጉን ሦስት ጽሑፎች ናቸው። የመጀመሪያው በሦስት ዓይነት አጻጻፍ የተቀረጸው ነው፤ በግዕዝ ቋንቋ በግዕዝ ፊደል፣ በግዕዝ ቋንቋ በሳባ ፊደል፣ እንዲሁም በግሪክኛ ተጽፏል። የግዕዙ ክፍል ቁጥር 185፣ የግሪክኛው ቁጥር 270 ነው፤ የዚሁ ጽሑፍ ሁለተኛ ቅጂም በሌላ ድንጋይ ላይ ተገኝቷል። ሁለተኛው በኖባ ላይ የተደረገውን ዘመቻ የሚተርከው፣ አናባቢ ባለው ግዕዝ የተጻፈው ቁጥር 189 ነው። ሦስተኛው በግሪክኛ የተጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1970 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው ቁጥር 271 ነው።

ድንጋዮቹ ያሉት አክሱም ስለሆነ ከሀዋሳ ሆኖ የሚሠራ ሰው በአብዛኛው የሚጠቀመው የታተመ ፎቶና የታተመ ንባብ ነው። ይህ ነውር የለውም፤ ግን ፎቶውንና ንባቡን ለይታችሁ መዝግቡ። ንባብ የአንባቢ ሥራ ነው፤ በተሰበረ ጠርዝ ላይ የጠፉ ፊደላትን አሳታሚው በግምት ሞልቶ በቅንፍ ያስቀምጣቸዋል፤ ከእርሱ የሚገለብጡ ሰዎች ደግሞ ቅንፉን ይተዉታል። ክርክራችሁ የቆመበት ቃል በቅንፍ ውስጥ ያለ ከሆነ፣ የቆማችሁት በድንጋዩ ላይ ሳይሆን በአሳታሚው ግምት ላይ ነው።

ሦስተኛ፦ ሙሉውን ሳይሆን የሚለዋወጠውን ቀመር አንብቡ

የነገሥታት ጽሑፍ አብዛኛው ክፍል ቋሚ ቀመር አለው። የንጉሡ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የሚገዛቸው አገሮች ዝርዝር፣ የዘመቻው ምክንያት፣ የተገደሉና የተማረኩ ሰዎች ቁጥር፣ በመጨረሻም ምስጋናና እርግማን ይከታተላሉ። ቀመሩ ቋሚ መሆኑ ለእኛ ትልቅ ጥቅም አለው፤ በቋሚ ቀመር ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ከተለወጠ፣ ለውጡ ሳይታሰብበት የተደረገ ነው ለማለት ይከብዳልና።

ሦስቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጡና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ ንጉሡ ራሱን ከየትኛው አምላክ ጋር ያያይዛል? በቁጥር 185 ዔዛና «ወልደ መሕረም ዘኢይትመዋእ ለፀር»፣ ማለትም በጠላት የማይሸነፈው የመሕረም ልጅ ተብሎ ይጠራል፤ በግሪክኛው ክፍል የመሕረም ቦታ የተሰጠው አሬስ ለተባለው የግሪኮች የጦርነት አምላክ ነው። ንጉሡ በዚያ ጽሑፍ ወንድሞቹን ሳይዛናንና ሐደፋን በቤጃ ላይ እንዳዘመተ ይናገራል፤ የሳይዛናን ስም ያዙት፣ በኋላ ያስፈልገናል። በቁጥር 189 ግን ጽሑፉ «በኃይለ እግዚአ ሰማይ» ብሎ ይጀምራል። መሕረም የለም፤ ንጉሡ የአባቱ የእለ ዐሚዳ ልጅ ተብሎ ብቻ ይጠራል፤ «ዘኢይትመዋእ ለፀር» የሚለው የድል ማዕርግ ግን እንዳለ ቀርቷል። ጸሐፊው አሮጌውን ቀመር አልጣለውም፤ ከውስጡ አምላኩን ብቻ አውጥቶታል። እኔ ለተማሪዎች ከማሳያቸው ነገሮች ሁሉ ይህን የሚያህል ግልጽ ማስረጃ አላገኘሁም፤ አንድ ቃል ከቦታው ሲነሣ በዙሪያው ያለው ሁሉ ሳይነካ ይታያልና።

ሆኖም «እግዚአ ሰማይ» ክርስቶስ ማለት ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። የሰማይ ጌታ የሚለውን አነጋገር አይሁዳዊም ሆነ ሌላ በአንድ አምላክ የሚያምን ሰው ሊጠቀምበት ይችላል፤ በደቡብ ዓረብም የሰማይ ጌታን የሚጠሩ ጽሑፎች አሉ። በዚህ ምክንያት ቁጥር 189 ብቻውን በነበረ ጊዜ ዔዛና ክርስቲያን ነበር ወይስ በአንድ አምላክ የሚያምን ብቻ ነበር የሚለው ከልብ የሚያከራክር ጥያቄ ነበር። ቁጥር 271 ሲታተም ነገሩ ተለወጠ፤ በዚያ የግሪክኛ ጽሑፍ ዔዛና በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ኃይል ይናገራል፣ ራሱንም የክርስቶስ አገልጋይ ብሎ ይጠራል፤ የሚተርከውም የኖባውን ዘመቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንቃቃ አንባቢ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ። ያው ንጉሥ በግሪክኛ ሥላሴን በስም ጠርቶ በግዕዝ ለምን «እግዚአ ሰማይ» ብቻ አለ? አንዱ መልስ አንባቢው ይለያይ ነበር የሚል ነው፤ ግሪክኛውን የሚያነቡት ከቀይ ባሕር ማዶ የመጡ ነጋዴዎችና መልእክተኞች ሲሆኑ፣ ግዕዙን የሚያነቡት ወይም ሲነበብ የሚሰሙት ደግሞ ትናንት መሕረምን ያመልኩ የነበሩ የአገሩ ሹማምንት ናቸው። ይህ መልስ ለእኔ አሳማኝ ነው፤ ግን ድንጋዩ ራሱ የሚናገረው አይደለም። ስለዚህ በጽሑፋችሁ ውስጥ «ጽሑፉ እንዲህ ይላል» የሚለውንና «ይህን የምተረጉመው እንዲህ ነው» የሚለውን በተለያየ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ።

የግዕዝ ንባብ ለሚቸግራችሁ፣ በየደብሩ ያሉ መሪጌቶችን መጠየቅ ትልቅ እገዛ ነው፤ የቃላቱን ፍቺና የሰዋስዉን አካሄድ ከእነርሱ በተሻለ የሚያውቅ በቅርብ አታገኙም። የምታቀርቡላቸው ግን የታተመውን የፊደል ግልባጭ ይሁን። በተለይ የቁጥር 185 የግዕዝ ክፍል አናባቢ በሌላቸው ፊደላት የተጻፈ ስለሆነ፣ በዳዊትና በቅዳሴ ንባብ የሰለጠነ ሰው የለመደውን አናባቢ በየቃሉ ሳያስበው ይሞላዋል። ምን እንደተጻፈና ምን እንደተሞላ ለይታችሁ መዝግቡ።

አራተኛ፦ ዘመኑን ከድንጋዩ ውጭ ፈልጉ

ከእነዚህ ጽሑፎች መካከል አንዱም ዓመተ ምሕረት የለውም። «330» የሚለው ዓመት በየትኛውም የዔዛና ድንጋይ ላይ አልተቀረጸም፤ በየመማሪያ መጽሐፉ የሚደጋገም የግምት ዓመት ነው። እንግዲያስ አራተኛው ክፍለ ዘመን የምንለው ከምን ተነሥተን ነው?

መልሱ ከአክሱም ውጭ የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ነው። የሮም ንጉሠ ነገሥት ሁለተኛው ቆንስጣንጥዮስ እ.ኤ.አ. በ356 ወይም በ357 ገደማ ለሁለት የአክሱም መሪዎች ደብዳቤ ጽፎ፣ ጳጳሳቸውን ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ መልሰው እንዲልኩለትና ሃይማኖቱ እንዲመረመር ጠይቋል። ደብዳቤው ለዛሬ የደረሰልን ቅዱስ አትናቴዎስ ለዚያው ንጉሠ ነገሥት በጻፈው መከላከያ ውስጥ ስላስገባው ነው። የሁለቱ መሪዎች ስም በደብዳቤው ዔዛናና ሳዛና ተብሎ ተጽፏል፤ በቁጥር 185 ላይ ንጉሡ ወንድሙን ሳይዛናን እንዳዘመተ ማንበባችንን አስታውሱ። በአክሱም የቆመ ድንጋይና በሮም ቤተ መንግሥት የተጻፈ ደብዳቤ፣ አንዱ ከሌላው ሳይገለብጥ ሁለቱን ወንድማማቾች በስም ይጠራሉ። ድንጋዩን በዘመን ላይ የሚያስረው ገመድ ይህ የስም መገጣጠም ነው፤ ከእናንተ የሚጠበቀውም በማንኛውም ጉዳይ ላይ እንዲህ ያለ፣ ከሌላ እጅ የመጣ መገናኛ መፈለግ ነው።

የደብዳቤውን ወሰንም አትርሱ። በዚያን ጊዜ በአክሱም ፍሬምናጦስ የሚባል ጳጳስ እንደነበረና መሪዎቹ ያውቁት እንደነበር ያረጋግጣል፤ ንጉሡ የተጠመቀበትን ቀን ግን አይናገርም። ሩፊኖስ የሚባለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ በአምስተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የፍሬምናጦስንና የወንድሙን የኤዴስዮስን ታሪክ ሲጽፍ፣ ፍሬምናጦስ ገና ጳጳስ ሳይሆን በአክሱም የነበሩ የሮም ክርስቲያን ነጋዴዎችን ፈልጎ የጸሎት ቦታ እንዲኖራቸው ይረዳቸው እንደነበር ያመለክታል። ይህም ማለት ከንጉሡ ጽሑፍ በፊት የነበረ የምእመናን ማኅበር ሊኖር ይችላል ማለት ነው፤ በመጀመሪያው ደረጃ አራቱን አባባሎች የለያየነውም ለዚሁ ነው።

ስለ ዓመታት አቆጣጠር አንድ ቋሚ ልማድ ይኑራችሁ። የውጭ ጥናቶች የሚጠቀሙት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የእኛ አቆጣጠር ከዚያ በ7 ወይም በ8 ዓመት ያንሳል። አንድ ተማሪ ከአንድ መጽሐፍ «356»ን፣ ከሌላው «349»ን ወስዶ ሁለት የተለያዩ ደብዳቤዎች ነበሩ ብሎ ሊደመድም ይችላል። ከእያንዳንዱ ዓመት ጋር «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም.» ብላችሁ ጻፉ፤ ምንጩ ያልገለጸ ከሆነም የትኛው እንደሆነ ሳታጣሩ ዓመቱን አትጠቀሙበት።

አምስተኛ፦ ሳንቲሙን እንደ ሁለተኛ ምስክር አምጡ

የአክሱም ነገሥታት በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ሳንቲም ያስመቱ ነበር። ከዔዛና በፊት የነበሩት ነገሥታት ሳንቲም ላይ ከንጉሡ ራስ በላይ ክብ ፀሐይና ግማሽ ጨረቃ ይታያል፤ ዔዛና በስሙ ካስመታቸው ሳንቲሞች አንዳንዶቹ ያንኑ የጨረቃ ምልክት ሲይዙ ሌሎቹ መስቀል ይዘዋል። ከእርሱ በኋላ ጨረቃው ቀርቶ መስቀሉ ጸንቷል። ድንጋዩ በቃል የተናገረውን ለውጥ ሳንቲሙ በምልክት ደግሞ ይናገራል፤ ሁለቱም ለውጡን በአንድ ንጉሥ ዘመን ውስጥ ያስቀምጡታል። ሳንቲም እንደ ድንጋዩ ከቤተ መንግሥት የወጣ ስለሆነ ግን ስለ ሕዝቡ የሚጨምርልን ነገር የለም፤ ሁለት ምስክሮች አሉን ስንል ሁለቱም የአንድ ቤት ሰዎች መሆናቸውን መግለጽ አለብን። የአክሱም ሳንቲም «በዓለም የመጀመሪያው ባለ መስቀል ሳንቲም» ነው የሚለውን አባባል ለክርክራችሁ አያስፈልግምና ተዉት፤ አላስፈላጊ ሐረግ ተቃዋሚ ዋናውን ትቶ የሚይዘው ጭራ ይሆናል።

ከየት እንደተቆፈረ የማይታወቅ፣ በገበያ የተገዛ ሳንቲም በማስረጃነት አታቅርቡ። ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል፤ እውነተኛም ቢሆን ከመሬቱ ንብርብር ስለ ተነቀለ ከራሱ ጽሑፍና ምስል በቀር የሚናገረው አልቀረለትም።

ስድስተኛ፦ ፍርስራሹ የሚቀመጥበትን ዘመን በጥንቃቄ ተረዱ

የሕንፃ ፍርስራሽ ከጽሑፍ ይልቅ ለስሕተት የተጋለጠ ነው፤ ድንጋይ ስለ ራሱ አይናገርምና። ከፊታችሁ ያለውን ፍርስራሽ ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁት፤ ሕንፃው መቼ ተሠራ፣ ቤተ ክርስቲያን የሆነው መቼ ነው፣ ይህንንስ በምን አወቅን?

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ የየሐ ቤተ መቅደስ ያሳያል። ሕንፃው ከክርስቶስ ልደት በፊት በሰባተኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ የተሠራ የቀደመ እምነት መቅደስ ሲሆን፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ውሏል። የግንቡን ዕድሜ ወስዶ የቤተ ክርስቲያኑ ዕድሜ ነው የሚል ሰው ክርስትናን ከክርስቶስ በፊት ያስቀምጣል። በላሊበላም ከውቅር ሕንፃዎቹ አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ቤተ ገብርኤልና ሩፋኤል፣ ሲወቀሩ ቤተ ክርስቲያን እንዲሆኑ የታሰቡ አልነበሩም ብለው የሚከራከሩ ተመራማሪዎች አሉ። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ነው ለማለት የአገልግሎት ምልክት ያስፈልጋል፤ ወደ ምሥራቅ የዞረ የመቅደስ ክፍል፣ የመንበር መሠረት፣ የጥምቀት ገንዳ፣ ወይም ከወለሉ ጋር የተገኘ መስቀል ያለበት ዕቃ መኖር አለበት።

ስለ ዘመኑ ሁለት ነገሮችን እወቁ። የካርቦን ልኬት የሚነግረን ግንቡ የቆመበትን ዓመት ሳይሆን እንጨቱ ወይም እህሉ ሕይወቱ ያበቃበትን ጊዜ ነው፤ ውጤቱም አንድ ዓመት ሳይሆን ብዙ ጊዜ ከመቶ ዓመት በላይ የሚሰፋ ክልል ነው። የጣሪያ ማገር ከአሮጌ ቤት ተነቅሎ ሊመጣ ስለሚችል ሕንፃውን ከዕድሜው በላይ ያስረጀዋል፤ የተቃጠለ የእህል ፍሬ ግን የአንድ ዓመት ምርት በመሆኑ የተሻለ ምስክር ነው። ሁለተኛው ነገር የንብርብሩ ቅደም ተከተል ነው። ከወለሉ ሥር የተገኘ ሳንቲም ወይም ከሰል ወለሉ ከዚያ ዘመን በፊት አለመነጠፉን ያረጋግጣል፤ ምን ያህል ቆይቶ እንደተነጠፈ ግን አይናገርም። ከወለሉ በላይ የተገኘው ደግሞ ስለ አገልግሎቱ ዘመን እንጂ ስለ ግንባታው አይመሰክርም። የቁፋሮ ዘገባ ስታነቡ «ከሕንፃው ውስጥ የተገኘ» የሚለው ሐረግ አይበቃችሁም፤ ከወለሉ በላይ ነው ወይስ በታች የሚለውን እስክታገኙ ድረስ ፈልጉ።

ለጉዳያችን የሚያገለግለው ከየሐ ብዙ በማይርቀው በቤተ ሰማዕቲ የተገኘው ባዚሊካ የሚባለው የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ሲታተም፣ የካርቦን ልኬቱ ሕንፃውን በአራተኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ አስቀምጦታል። በቁፋሮው መስቀልና የግዕዝ ጽሑፍ ያለበት ጥቁር የድንጋይ አንጠልጣይ ተገኝቷል፤ የበሬ ራስ የተቀረጸበት ቀይ ዕንቍ ያለው የወርቅ ቀለበትም ተገኝቷል። አንዳንድ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ጠቅሶ ሁለተኛውን ይተወዋል። እንዲህ አታድርጉ፤ ሁለቱ አንድ ላይ መገኘታቸው አዲሱ እምነትና የቆየው የምልክት ቋንቋ ጎን ለጎን ይኖሩ እንደነበር ያሳያል፤ ይህም ከቁጥር 189 አነጋገር ጋር ይስማማል። በባሕሩ ወደብ በአዱሊስ የሚገኙት አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ በአዲሶቹ ልኬቶች መሠረት ከአምስተኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የተሠሩ ስለሆኑ፣ ለመስፋፋቱ እንጂ ለመጀመሪያው ለውጥ ማስረጃ አድርጋችሁ አታቅርቧቸው።

በራሳችሁ ዓይን የምታዩት ቦታ ከሆነ፣ በሀዋሳ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት የመሠረት ድንጋይ ላይ አስቀድማችሁ ተለማመዱ። ፎቶውን ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ፣ ብርሃኑ ከጎን ሲወድቅ አንሡ፤ ፊደሉ ጥላ ሲያገኝ ይነበባል። መለኪያ አጠገቡ አስቀምጡ፤ ጠመኔ አትቀቡበት፣ ውኃም አታፍስሱበት። ከዚያ ድንጋዩ የሚናገረው መሠረት የተጣለበትን ቀን ነው፣ ቅዳሴ የተጀመረበትን ነው ወይስ የታደሰበትን ብላችሁ ጠይቁ፤ ምእመናኑ ከዚያ በፊት የት ይጸልዩ እንደነበር ሽማግሌዎችን ብትጠይቁ ደግሞ ድንጋዩ ያልተናገረውን ታገኛላችሁ። በእርሻም ሆነ በግንባታ ቦታ ጥንታዊ ነገር ብታገኙ ግን ከቦታው አታንሡት፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ግኝቱን ለሚመለከተው የቅርስ አካል ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ያለ ፈቃድ መቆፈርም የተከለከለ ነው።

ሰባተኛ፦ ከትውፊት ጋር ስታገናኙት ዝምታን እንደ ክህደት አትቁጠሩ

የቤተ ክርስቲያን ትውፊት በዚያ ዘመን የነበሩትን ወንድማማች ነገሥታት አብርሃና አጽብሐ ብሎ ይጠራቸዋል፤ ፍሬምናጦስንም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ይለዋል። አብርሃና አጽብሐ የሚሉት ስሞች በዚያ ዘመን ሳንቲምም ሆነ ድንጋይ ላይ አልተገኙም። ከዚህ ተነሥቶ ትውፊቱ ፈጠራ ነው ብሎ መደምደም የሎጂክ ስሕተት ነው፤ ሁለት ወንድማማች መሪዎችና አንድ ጳጳስ የሚለው የትውፊቱ አጽም በደብዳቤውም አለና። በተቃራኒው ድንጋዩ ትውፊቱን በሙሉ አረጋገጠ ማለትም አይቻልም። ትክክለኛው አነጋገር ትውፊቱና ድንጋዩ በየትኛው ነጥብ እንደሚገናኙና በየትኛው እንደማይገናኙ ነጥሎ መናገር ነው። የጃንደረባውም ነገር እንዲሁ ነው፤ የአንድ ግለሰብ እምነት ድንጋይ ላይ እንዲጻፍ አይጠበቅምና፣ የዔዛና ጽሑፎች ስለ እርሱ ዝም ማለታቸው ለማንም ወገን ማስረጃ አይሆንም።

ስምንተኛ፦ አንቀጹን ጻፉ፤ ከዚያ አንዱን ማስረጃ አንሡበት

እስካሁን የሰበሰብነው ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

«የአክሱም ቤተ መንግሥት ይፋዊ የሃይማኖት አነጋገር በዔዛና ዘመን እንደተለወጠ ሁለት ዓይነት ማስረጃ ያሳያል። በጽሑፍ ቁጥር 185 ንጉሡ የመሕረም ልጅ ሲባል፣ በቁጥር 189 የመሕረም ስም ጠፍቶ እግዚአ ሰማይ ገብቷል፣ በግሪክኛው ቁጥር 271 ደግሞ ንጉሡ ራሱን የክርስቶስ አገልጋይ ይላል። በሳንቲሞቹም ላይ ጨረቃው በመስቀል ተተክቷል። ጽሑፎቹ ዓመት ባይኖራቸውም፣ የዔዛናና የወንድሙ ስም እ.ኤ.አ. በ356 ወይም በ357 ገደማ በተጻፈው የቆንስጣንጥዮስ ደብዳቤ ውስጥ መገኘቱ ዘመኑን ወደ አራተኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያቀርበዋል። ይህ ማስረጃ ቤተ መንግሥቱን ይመለከታል፤ ስለ ሕዝቡ እምነት ሌላ ዓይነት ማስረጃ ያስፈልጋል።»

አንቀጹን ለሰው ከማቅረባችሁ በፊት ማስረጃዎቹን አንድ በአንድ በእጃችሁ ሸፍናችሁ የቀረውን አንብቡት። ሳንቲሞቹ ቢነሡ ክርክሩ ቢዳከምም ይቆማል። ደብዳቤው ቢነሣ ለውጡ እንዳለ ይቀራል፤ ዘመኑ ግን ይላላል፤ እንግዲያስ ስለ ዘመኑ የምትናገሩት ነገር ሁሉ በደብዳቤው ላይ እንደቆመ በግልጽ ጻፉ። ቁጥር 271 ቢነሣ «ክርስትና» የሚለውን ቃል በድንጋይ ጽሑፍ ብቻ መደገፍ አይቻልም፤ ከ1970 እ.ኤ.አ. በፊት የነበሩ ተመራማሪዎች የቆሙት በዚያ ነጥብ ላይ ነበር። እንዲህ ከሸፈናችሁ በኋላ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ተከራካሪ የቱን ቢነካ የቱ እንደሚናወጥ ታውቃላችሁ፤ ከሦስቱ ድንጋዮች መካከል ፎቶውን ይዛችሁ መቅረብ ያለባችሁም የትኛውን እንደሆነ፣ ማለትም ቁጥር 185ን ሳይሆን ቁጥር 271ን ከቁጥር 189 ጋር መሆኑን ትለያላችሁ።